ሳይከሰሱ የታሰሩ ሰዎችና ሃቢየስ ኮርፐስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ተይዞ ሲወሰድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ትኩረቴ ክስ ሳይመሠረትበት በእስር ላይ ያለ ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዝርዝር ሥነ ሥርዓቱ ከአገር አገር ይለያያል። የታሪኩ ግንድ ግን እንግሊዝ ነው፤ በቅርብ ዘመን በደንብ የተፈተነው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ነው። ምሳሌዎቼም በአብዛኛው ከነዚህ ሁለት አገሮች የመጡ ናቸው።

ሃቢየስ ኮርፐስ ምንድን ነው?

ፍርድ ቤት ለአሳሪው የሚሰጠው ትዕዛዝ ነው። «ይህን ሰው ይዘህ ቅረብ፤ በምን ሕግ እንደያዝከውም አስረዳ» ይለዋል። የእኛ የሕግ ባለሙያዎች «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» ይሉታል።

ትዕዛዙ የሚወጣው በታሳሪው ላይ ሳይሆን በአሳሪው ላይ ነው። በተለመደው የወንጀል ችሎት ጥያቄው የሚዘንበው ተከሳሹ ላይ ነው፤ የት ነበርክ፣ ምን አደረግክ፣ ማን አየህ ይባላል። እዚህ ግን መልስ የሚጠበቀው ቁልፉን ከያዘው ሰው ነው። ሕጋዊ ምክንያት ካለው ያሳያል። ከሌለው ታሳሪው ይፈታል።

ታዲያ ያልተከሰሰ ሰው ለምን ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል?

የተከሰሰ ሰው ቢያንስ ምን እንደተባለ ያውቃል። የክስ ወረቀት አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። ምስክር ሲቀርብበት መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ቢፈረድበት እንኳን ይግባኝ ይላል። ነገሩ ቢጓተትም መጨረሻ አለው።

ያልተከሰሰው ከነዚህ አንዱም የለውም። የቀረበበት ነገር ስለሌለ የሚከራከርበትም ነገር የለም። ፍርድ ስላልተሰጠ ይግባኝ አይልም። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው እንኳን ምን እንደተፈረደበት ያውቃል፤ እሱ ግን ነገ ይፈታ ወይም በአሥር ዓመት፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያይበት መንገድ ይህ አቤቱታ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰውዬው በእርግጥ ጥፋተኛ ቢሆንስ?

ፍርድ ቤቱ በዚህ አቤቱታ ጥፋተኛ ነው ወይስ ንጹሕ የሚለውን አይወስንም። የሚያየው አሳሪው ይህን ሰው ለመያዝ የሚያስችል ሕግና ማስረጃ አለው ወይ የሚለውን ነው። መንግሥት ሰውዬው ወንጀል ሠርቷል ብሎ የሚያምን ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ ይክሰሰው። የተፈታ ሰውም ማስረጃ ከተገኘበት በኋላ ሊከሰስ ይችላል።

«ምንም ካላደረገ ለምን ይፈራል?» የሚሉ ሰዎች ነገሩን የገለበጡት ይመስለኛል። ማስረጃ ያለው መንግሥት ዳኛ ፊት ለመቅረብ ምን ያስፈራዋል?

አሳሪው «ከበላይ ታዝዤ ነው» ቢልስ?

የዚህ ሕግ ዋናው ትግል የተደረገው በዚህች መልስ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ 1627 ልመልሳችሁ።

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ለጦርነት ገንዘብ ፈለገ። ፓርላማው አልፈቀደለትም። ንጉሡም ባለሀብቶችን «አበድሩኝ» ብሎ አስገደደ። እምቢ ያሉት ታሰሩ። ከመካከላቸው አምስት ባላባቶች ሃቢየስ ኮርፐስ ጠየቁ፤ ጉዳዩ በአንደኛው ስም የዳርኔል ጉዳይ ይባላል።

ፍርድ ቤቱ ትዕዛዙን ሰጠ፣ የወህኒ ቤቱም ኃላፊ መልሱን ይዞ ቀረበ። መልሱ ውስጥ ወንጀል የሚባል ነገር የለም። የያዝኳቸው በንጉሡ ልዩ ትዕዛዝ ነው የሚል ነው። ጠበቆቹ ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም ብለው ተከራከሩ። ምክንያቱ ካልተነገረ ዳኛው ምኑን ይመረምራል? ከሳሽ የለ፣ ክስ የለ፣ የፍርድ ቀን የለ። እንዲህ ከሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊታሰር ይችላል ማለት ነው።

ንጉሡ ለምን እንዳልከሰሳቸው ማየት ይጠቅማል። «ብድር እምቢ ብለዋል» ብሎ ቢከስ ጥያቄው ወዲያው ወደ እሱ ይዞር ነበር፤ ለመሆኑ ብድሩስ ሕጋዊ ነው? ይህን ጥያቄ ችሎት ፊት ማስነሳት አልፈለገም። ስለዚህ ምክንያቱን ዋጠው። ዛሬም ሰው ሳይከሰስ ሲቆይ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ክስ የእስሩን ምክንያት ያጋልጣል፤ አንዳንድ ምክንያት ደግሞ ብርሃን አይችልም።

ዳኞቹ ባላባቶቹን ወደ እስር ቤት መለሷቸው። ቁጣው ግን ፓርላማ ገባ። በ1628 «የመብት አቤቱታ» የሚባለው ሰነድ ምክንያት ሳይገለጽ ማሰርን ተቃወመ። በ1640 የወጣ ሕግ ደግሞ በንጉሡ ትዕዛዝ የታሰረ ሰውም ቢሆን አሳሪው እውነተኛውን ምክንያት ለፍርድ ቤት እንዲያስታውቅ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ «ታዝዤ ነው» ውሃ የሚያነሳ መልስ መሆኑ ቀረ። ትዕዛዙ ራሱ በየትኛው ሕግ እንደተሰጠ መታየት አለበት።

ምክንያት መግለጽ ግዴታ ከሆነ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም?

አይደለም። አሳሪዎች ዘዴ ቀየሩ፤ መልስ መከልከል ሲያቅታቸው ማዘግየት ጀመሩ። ደብዳቤው ሲደርስ እንዳልደረሰ ይሆናሉ። ዳኞች ዕረፍት ላይ ናቸው ይባላል። ታሳሪው ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ አንዳንዴም የአገሪቱ ትዕዛዝ ወደማይደርስበት ደሴት ይላካል። በ1676 ፍራንሲስ ጄንክስ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ አዲስ ፓርላማ ይጠራ ብሎ በመናገሩ ታሰረ። ሃቢየስ ኮርፐስ ሲጠይቅ ጊዜው የችሎት ዕረፍት ነው ተባለና ወራት እስር ቤት ቆየ።

በ1679 የወጣው የሃቢየስ ኮርፐስ ሕግ የታወቀው ስለ ነፃነት ያማሩ ቃላት ስላሉት አይደለም። ሕጉን ስታነቡት የሰዓት፣ የርቀትና የቅጣት ሕግ ነው። እኔ በበኩሌ የማደንቀው በዚህ ነው።

ታሳሪው የእስር ማዘዣውን ግልባጭ ከጠየቀ አሳሪው በ6 ሰዓት ውስጥ መስጠት አለበት። ትዕዛዙ ሲደርሰው፣ ቦታው ከ20 ማይል ካልራቀ በ3 ቀን ውስጥ ሰውዬውን ያቀርባል። እስከ 100 ማይል ከሆነ 10 ቀን፣ ከዚያ ከራቀ 20 ቀን ይሰጠዋል። ይህን ያላደረገ ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ፓውንድ ለታሳሪው ይከፍላል፤ ከደገመው 200 ፓውንድ ከፍሎ ሥራውንም ያጣል። በዕረፍት ጊዜም ቢሆን ዳኛ ትዕዛዙን መከልከል አይችልም፤ ከከለከለ ቅጣቱ ለእሱ 500 ፓውንድ ነው። በጊዜው ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር። ሰውን ባሕር አሻግሮ ማሰርም በግልጽ ተከለከለ።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የአሳሪውን ተንኮል አንድ በአንድ እንደሚያውቁት ያስታውቃል። ለእያንዳንዱ ማምለጫ አንድ አንቀጽ አለ።

አቤቱታው ውስጥ ምን ይጻፋል? ማንስ ሊያቀርበው ይችላል?

ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል። የትዳር ጓደኛ፣ እናት፣ ወንድም፣ ጠበቃ፣ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ይህ የተፈቀደው ያለምክንያት አይደለም። ክፉኛ የታሰረ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶም ላያገኝ ይችላል።

አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። ማን እንደተያዘ፣ መቼ፣ የት፣ ማን እንደያዘው፣ አሁን የት ነው ተብሎ እንደሚታመን፣ ክስ እንዳልቀረበበት፣ እስሩ ለምን ሕገ ወጥ ነው እንደሚባል ይገልጻል። ብዙ ቦታ በቃለ መሐላ ይደገፋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው የሰውዬውን ደግነት በመተረክ ገጽ በመሙላት ነው። ያሳዝናል፣ ይገባኛልም። ዳኛው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እነዚህ ሰዎች ማዘዣ ሳያሳዩ ወሰዱት፤ በማግስቱ ምግብ ይዘን ስንሄድ በር ላይ ያለው ጠባቂ ተቀበለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ገጽ ምስክርነት ይበልጣል። ሰውዬው በማን እጅ እንዳለ ያሳያላ።

አቤቱታውን በማን ላይና በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የምናቀርበው?

ዋናው ደንብ ሰውዬውን በአካል በያዘው ሰው ላይ፣ እሱ ባለበት አካባቢ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የሚል ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሆሴ ፓዲያ የሚባል የአሜሪካ ዜጋ በሜይ 2002 ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። ለምስክርነት ይፈለጋል ተብሎ ኒውዮርክ ተወሰደ። እዚያ ጠበቃ ተመደበለት። ጁን 9 ላይ ግን «የጠላት ተዋጊ» ተብሎ ደቡብ ካሮላይና ወዳለ የባሕር ኃይል እስር ቤት ተዛወረ። ጠበቃዋ ከሁለት ቀን በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ አቤቱታ አስገባች፤ ተጠሪ ካደረገቻቸው አንዱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ነበሩ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በጁን 2004 በ5 ለ4 ድምፅ የተሰጠው ውሳኔ ስለ እስሩ ሕጋዊነት አንድም ነገር አልተናገረም። አቤቱታው መቅረብ የነበረበት ደቡብ ካሮላይና ነው፣ ተጠሪውም የእስር ቤቱ አዛዥ ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተከራከሩበት ነገር ከዜሮ ተጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ጉዳዩ እንደገና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ በኖቬምበር 2005፣ መንግሥት ፓዲያን በመደበኛ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ክስ ሲመጣ «ሳይከሰስ ታስሯል» የሚለው ጥያቄ መሠረቱ ጠፋ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሳያየው ቀረ። ፓዲያ በኋላ ጥፋተኛ ተብሏል። ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ክስ የተያዘው በሕግ ነበር ወይ የሚለው ግን በዚያ ፍርድ ቤት መልስ ሳያገኝ አልፏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ተጠሪ ስትመርጡ በሥልጣን ትልቁን ሳይሆን ቁልፉን የያዘውን መጀመሪያ አስቡ። መንግሥት ፍርድ ቤት ሊሸነፍ ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ወይ ይፈታል ወይ ይከሳል። ለታሳሪው ይህም ቢሆን ለውጥ ነው፤ ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር አገኘ።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያስረዱን ይችላሉ?

የላክዳር ቡመዲየንን እመርጣለሁ። ቡመዲየን በትውልድ አልጄሪያዊ ነው፤ ቦስኒያ ውስጥ ለቀይ ጨረቃ ድርጅት ይሠራ ነበር። በኦክቶበር 2001 እሱና ሌሎች አምስት አልጄሪያውያን ሳራዬቮ ያለውን የአሜሪካ ኤምባሲ ለማጥቃት አሲረዋል ተብለው ተያዙ። የቦስኒያ ፖሊስ መረመረ። በጃኑዋሪ 2002 የአገሪቱ ፍርድ ቤት ለመያዝ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሎ እንዲፈቱ አዘዘ። ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ለአሜሪካ ወታደሮች ተላልፈው ተሰጡ፤ በቀናት ውስጥ ኩባ ወዳለው ጓንታናሞ ተወሰዱ።

የአሜሪካ መንግሥት ክርክር ምን ነበር? ጓንታናሞ የኩባ መሬት ነው፤ እኛ የተከራየነው ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የውጭ ዜጎች ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እዚያ አይደርስም። ባሕር አሻግሮ ማሰርን የከለከለውን የ1679 ሕግ እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል። ዘዴው አዲስ አይደለም።

በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱል በሚባለው ጉዳይ የጓንታናሞ ታሳሪዎች አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ አለ። መንግሥት በበኩሉ ታሳሪዎቹን የሚያይ ወታደራዊ ጉባዔ አቋቋመ። በጉባዔው ታሳሪው ጠበቃ አልነበረውም። ምስጢር የተባለ ማስረጃም አያሳዩትም ነበር። ከስድስቱ አንዱ ሙስጠፋ አይት ኢዲር ቦስኒያ ሳለህ ከአንድ የአልቃይዳ አባል ጋር ግንኙነት ነበረህ ተባለ። ስሙን ንገሩኝ አለ። የጉባዔው ሰብሳቢ ስሙን እንደማያውቅ መለሰ። ታዲያ አውቀዋለሁ ወይም አላውቀውም ብዬ በምን ልመልስ? ጥያቄው መልስ አላገኘም፤ ጉባዔው ግን በእስሩ ይቀጥል አለ።

ይህ ቃለ ጉባዔ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ሰው ራሱን መከላከል አይችልም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

በጃኑዋሪ 2005 ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን የስድስቱን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። በ2006 ደግሞ ኮንግረሱ ፍርድ ቤቶች የጓንታናሞ ታሳሪዎችን ሃቢየስ ኮርፐስ እንዳያዩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በዚያ ሕግ መሠረት በሩን ዘጋ።

ጁን 12 ቀን 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ያን ገለበጠ። ጓንታናሞን በተግባር የሚቆጣጠረው ማነው? አሜሪካ ነው፤ ሌላ ማንም አያዝበትም። መሬቱ በስም የሌላ አገር ስለሆነ ብቻ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ሲፈልግ ሊያበራውና ሊያጠፋው አይችልም ተባለ። ወታደራዊ ጉባዔውም ምትክ አይሆንም ተባለ። እውነተኛ ምትክ ለመሆን ጉዳዩን የሚያየው አካል ታሳሪውን የሚጠቅም ማስረጃ መቀበልና «ፍቱት» ብሎ ማዘዝ መቻል አለበት።

ልብ በሉ፤ ይህ ውሳኔ ማንንም አልፈታም። አቤቱታው ይታይ ብቻ ነው ያለው። ጉዳዩ ወደዚያው ወደ ዳኛ ሊዮን ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን መንግሥት መልስ ማቅረብ ግድ ሆነበት። የኤምባሲው ሴራ የት ደረሰ? መንግሥት ትቶታል። የቀረበው ወደ አፍጋኒስታን ሄደው ሊዋጉ አቅደዋል የሚል ነው። ለአምስቱ ማስረጃው ስሙ ያልተገለጸ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምንጩ ማን እንደሆነ፣ ያንን በምን እንዳወቀ፣ ይታመን አይታመን የሚመዘንበት ነገር አልነበረም። ዳኛው ኖቬምበር 20 ቀን 2008 አምስቱ እንዲፈቱ አዘዘ። ሰባት ዓመት ይበቃልና ይግባኝ አትበሉ ብሎም መንግሥትን ጠየቀ። ስድስተኛው ላይ ግን ተጨማሪ ማስረጃ አለ ብሎ እስሩን አጸናው፤ ያን ውሳኔ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ሽሮታል።

ሦስቱ በዲሴምበር 2008 ቦስኒያ ገቡ። ቡመዲየን በሜይ 2009 ፈረንሳይ ተቀበለችው። በ2005 አቤቱታውን የጣለው ዳኛ እና በ2008 የፈታው ዳኛ አንድ ሰው መሆኑን አትርሱ። ዳኛው አልተለወጠም። የተለወጠው መንግሥት ማስረጃውን እንዲያሳይ መጠየቁ ነው።

ፍርድ ቤት «ይፈታ» ካለ በኋላ ላይፈታ ይችላል?

አዎ፣ ያጋጥማል። ጓንታናሞ የነበሩ 17 የኡይጉር ተወላጆች የጠላት ተዋጊ እንዳልሆኑ መንግሥት ራሱ አምኖ ነበር። ወደ ቻይና ቢመለሱ ሥቃይ ይጠብቃቸዋል ተብሎ ተሰጋ። በኦክቶበር 2008 አንድ ዳኛ አሜሪካ ውስጥ ይለቀቁ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን የውጭ ሰው ወደ አገር እንዲገባ የማዘዝ ሥልጣን ዳኛ የለውም ብሎ ሻረው። የሚቀበላቸው አገር እስኪገኝ ጠበቁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ስሎቫኪያ የገቡት በዲሴምበር 2013 ነው።

አሳሪው ጭራሽ የሚያምፅበት ጊዜም አለ። በ1861፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር፣ ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ ጆን ሜሪማን የሚባል ታሳሪ ይቅረብልኝ ብሎ አዘዘ። የምሽጉ አዛዥ እምቢ አለ። ማዘዣ ይዞ የሄደው የፍርድ ቤት መኮንን ከበር ተመለሰ። ዳኛ ወታደር የለውም። የሚችለው አስተያየቱን ጽፎ ለፕሬዚዳንቱ መላክ ነበር፤ ያንን አደረገ።

«እኛ ጋ የለም» ቢሉስ?

ከሁሉም መልስ የከፋው ይህ ነው። መያዙን ያላመነ አሳሪ ምክንያት እንዲሰጥ አይጠየቅም። ማንፍሬዶ ቬላስኬስ የሚባል የሆንዱራስ ተማሪ በ1981 ታፍኖ ተወሰደ። ሦስት ጊዜ አቤቱታ ቀረበለት፤ ምንም አልተገኘም። የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1988 መንግሥቱን ተጠያቂ አደረገ። የታሰረበትን ቦታና ያሰረውን ባለሥልጣን ለይታችሁ ካልጻፋችሁ የሚል ሥነ ሥርዓት፣ በድብቅ ለተያዘ ሰው እንደማይረዳም አስረዳ።

ስለዚህ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ዱካ መሰብሰብ ነው። የመኪናው ታርጋ፣ የደንብ ልብሱ ዓይነት፣ አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ቃል፣ ስንቅ የተቀበለ ጠባቂ፣ ሁሉም ይጻፍ፤ ቀንና ሰዓቱም ይያዝ። በቶሎ ማቅረብም ወሳኝ ነው። ሰው በድብቅ በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አቤቱታው የሚከላከለው ከእስር ብቻ ሳይሆን ከድብደባና ከሞትም ነው። «በአካል አቅርበው» የሚለው ቃል ጥቅሙ ያኔ ይታያል፤ ዳኛው ሰውዬውን በዓይኑ ያየዋል።

በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ ይችላል?

እንደ አገሩ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአመፅ ወይም በወረራ ጊዜ የሕዝብ ደኅንነት ግድ ካለ ብቻ ሊታገድ ይችላል ይላል። በሜሪማን ጉዳይ የተነሳው ክርክርም ማገድ የሚችለው ፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ ኮንግረሱ የሚል ነበር። በሌላ በኩል የኢንተር አሜሪካው ፍርድ ቤት በ1987 በሰጠው አስተያየት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገድ አይገባም ብሏል። እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ሰው በገፍ የሚታሰረው፣ ስሕተትም የሚበዛው ያኔ ነው። ሕጉ ለጊዜው ሰፋ ያለ የማሰር ሥልጣን ቢሰጥ እንኳን፣ ይህ ሰው በዚያ ሥልጣን ሥር በትክክል መውደቁን የሚያይ ዳኛ ያስፈልጋል።

የሚሠራው በመንግሥት ላይ ብቻ ነው?

አይደለም። ሰውን ያለ ሕግ የያዘ ግለሰብ ላይም ይሠራል። በ1771 ለንደን ውስጥ ጄምስ ሶመርሴት የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው በመርከብ ታስሮ ወደ ጃማይካ ሊላክ ነበር። ወዳጆቹ ሃቢየስ ኮርፐስ አወጡለት። የመርከቡ አዛዥ ጌታው ስላዘዘኝ ነው ብሎ መለሰ። ዳኛ ማንስፊልድ በ1772 ይህን የሚፈቅድ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ የለም ብሎ ሶመርሴትን ለቀቀው።

ከተፈታ በኋላ ካሳ ያገኛል?

በዚህ አቤቱታ አይደለም። ሃቢየስ ኮርፐስ በር ይከፍታል እንጂ ገንዘብ አያስከፍልም። ያለአግባብ የታሰረ ሰው ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 ይናገራል፤ እስሩን በፍርድ ቤት የማስመርመር መብትም እዚያው አንቀጽ ላይ ነው። የካሳው ጥያቄ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ነው፤ የራሱ ማስረጃ፣ የራሱም የጊዜ ገደብ አለው። ለዚህ ሲባል የእስር ማዘዣው፣ የአሳሪው መልስና የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ግልባጮች ሰውዬው በወጣበት ሳምንት ተሰብስበው ቢቀመጡ ጥሩ ነው፤ በኋላ ሲፈለጉ ላይገኙ ይችላሉ።